«ከዛሬ ጀምሮ» የሚለው ደብዳቤ ስንት ብር ያወጣል?

የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም. አርብ ነበር። አመሻሽ ላይ ጎረቤቴ በሬን አንኳኳች። እጇ ላይ የታጠፈች አንድ ወረቀት አለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢሮ ጠርተው የሰጧት ደብዳቤ ነው። የግዢ ክፍሉ ከንብረት ክፍሉ ጋር መዋሃዱን፣ የእሷ የሥራ መደብ መሰረዙን፣ «ከዛሬ ጀምሮ» መሰናበቷን ይገልጻል። ከታች አንድ መስመር ተጨምሯል፦ «ድርጅቱ በበጎ ፈቃዱ የአንድ ወር ደመወዝ ይከፍላል።»

እኔ በሰው ኃይል አስተዳደር ለዓመታት ሠርቻለሁ። እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ከአንድ ጊዜ በላይ በገዛ እጄ ጽፌያለሁ። ስለዚህ ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው «በበጎ ፈቃዱ» የምትለው ቃል ላይ ነው። አሠሪ ሠራተኛውን በዕለቱ ሲያሰናብት የሚከፍለው የማስጠንቀቂያ ጊዜ ደመወዝ ችሮታ አይደለም። ልኩ በአዋጅ ተቆርጧል። የእሷም ልክ አንድ ወር አልነበረም።

ከሒሳቡ በፊት ግን ቃሉን እናጥራ። «ማስጠንቀቂያ» በእኛ አገር መሥሪያ ቤት ሁለት ነገር ነው። አንዱ የዲሲፕሊን ማስጠንቀቂያ ነው፤ አርፍደሃል፣ ቀርተሃል፣ አትድገም የሚል። ሌላው የሥራ ውል ማቋረጫ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ውልህ በዚህ ምክንያት በዚህ ቀን ያበቃል፣ እስከዚያው ሥራህን ቀጥል፣ ጎን ለጎንም ሌላ ሥራ ፈልግ የሚል። የሚመሳሰሉት በስም ብቻ ነው። ጎረቤቴ ሰኞ ዕለት ሄዳ ስትጠይቅ የተሰጣት መልስ «አንቺ እኮ አምና ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶሻል» የሚል ነበር። አዎ፣ በማርፈድ ሁለት ደብዳቤ ደርሷታል። እነዚያ ግን ውል ማቋረጫ አይደሉም። አሥር የዲሲፕሊን ደብዳቤ ቢደራረብ እንኳ የአንድ ቀን የማስጠንቀቂያ ጊዜ አይሆንም። ይህን መልስ የሚሰጡት ሁሉ ተንኮለኞች ናቸው አልልም። ቃሉ ራሱ ያምታታል።

የግል ድርጅት ሠራተኛን የሚመለከተው ሕግ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ በድርጅት ውስጥ የሥራ መሪ የሚባለው ሰው፣ የቤት ሠራተኛም በዚህ አዋጅ አይዳኙም። ከዚህ በታች ያለው ስሌት እነሱን አይመለከትም። በተለይ ሥራ አስኪያጆች ይህን ሳያውቁ ክስ ጀምረው ጊዜ ያባክናሉ።

የማስጠንቀቂያው ርዝመት ያለው አንቀጽ 35 ላይ ነው። ውሉ ጊዜ ካልተወሰነለት፣ ማለትም ብዙዎቻችን «ቋሚ» የምንለው ከሆነ፣ ርዝመቱ የሚወሰነው በአገልግሎት ዘመን ነው። የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ እስከ አንድ ዓመት ያገለገለ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ አለው። ከአንድ ዓመት በላይ እስከ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለ ሁለት ወር። ከዘጠኝ ዓመት በላይ ያገለገለ ሦስት ወር። ስንብቱ የሠራተኛ ቅነሳ ከሆነ ደግሞ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሁለት ወር ይሰጠዋል። ሰባት ወር ብቻ የሠራ ሰው በቅነሳ ቢወጣ የሚታሰብለት አንድ ወር ሳይሆን ሁለት ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ሰው ስለወጣ ብቻ ቅነሳ አይባልም። ቅነሳ ለመባል ቢያንስ ከሠራተኛው ቁጥር 10 በመቶ፣ ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ደግሞ ቢያንስ 5 ሰው መነካት አለበት። የጎረቤቴ ጉዳይ የአንድ መደብ መሰረዝ ነው እንጂ ቅነሳ አይደለም።

እሷ የተቀጠረችው ኅዳር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። እስከ የካቲት 28 ቀን 2017 ድረስ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ነው የቀረው። ሁለት ወር የሚገባት ሠራተኛ ናት። ድርጅቱ ከየት አምጥቶ አንድ ወር እንዳለ እስካሁን አልገባኝም። ምናልባት ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ሲለቅ የሚሰጠውን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ገልብጠው ይሆናል። ይህ ስህተት ብዙ ቢሮ ውስጥ አለ። ሠራተኛው ሲለቅ 30 ቀን፣ አሠሪው ሲያሰናብት ግን እንደ አገልግሎቱ ነው። ሁለቱ እኩል አይደሉም።

የአገልግሎት ዘመን ሲቆጠር የሙከራ ጊዜው አይዘለልም። ሠራተኛው የሙከራ ጊዜውን አልፎ ከቀጠለ ውሉ እንደተመሠረተ የሚቆጠረው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው። ይህ ነገር ወሰኑ ላይ ላለ ሰው ብዙ ብር ያወጣል። ከተቀጠረ አሥራ ሦስት ወር የሆነውን ሠራተኛ የሙከራውን ሁለት ወር ቀንሰህ «አሥራ አንድ ወርህ ነው» ካልከው አንድ ሙሉ ደመወዝ ወሰድክበት ማለት ነው። በአንጻሩ በሙከራ ላይ እያለ የተሰናበተ ሰው ማስጠንቀቂያም የስንብት ክፍያም የለውም። ሙከራው ደግሞ ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ አይችልም። ስድስት ወር «ሙከራ ላይ ነህ» ተብሎ የቆየ ሰው ከ60ኛው የሥራ ቀን በኋላ በሕግ ዓይን ሙከራ ላይ አልነበረም።

አሁን ወደ ብሩ። የማስጠንቀቂያው ጊዜ በወር ስለሚቆጠር ስሌቱ ቀላል ነው። ወርን በ26 ልከፍል ወይስ በ30 የሚለው ክርክር እዚህ ቦታ የለውም፤ የወር ደመወዙን በወሩ ቁጥር ማባዛት ነው። ጭቅጭቁ ያለው «ደመወዝ» የሚለው ቃል ውስጥ ምን ይገባል በሚለው ላይ ነው።

የጎረቤቴ የደመወዝ ወረቀት እንዲህ ይላል። መሠረታዊ ደመወዝ 14,000 ብር። የቤት አበል 2,500 ብር። የትራንስፖርት አበል 1,800 ብር። በየካቲት ደግሞ የትርፍ ሰዓት 1,150 ብር አለ። ጠቅላላው 19,450 ይመጣል። እሷ መጀመሪያ ያሰላችው ይህን በሁለት አባዝታ ነው፤ 38,900 ብር። ድርጅቱ ያሰበላት 14,000 ብር ነው። ሁለቱም ተሳስተዋል።

የአዋጁ አንቀጽ 53 ደመወዝን ሠራተኛው በውሉ መሠረት ለሚሠራው ሥራ በመደበኛነት የሚከፈለው ነው ይላል። ቀጥሎ ደመወዝ የማይባሉትን በስም ይዘረዝራል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ አንዱ ነው። ውሎ አበል፣ የትራንስፖርት ወጪ፣ የአስቸጋሪ ሁኔታ አበል፣ ከጉዞ ወይም ከመኖሪያ ለውጥ ጋር የሚመጡ አበሎችም እዚያ ውስጥ አሉ። ቦነስ፣ ኮሚሽን፣ ለተጨማሪ የሥራ ውጤት የሚሰጥ ማበረታቻ፣ ሆቴል ቤት ከደንበኛ የሚሰበሰበው ሰርቪስ ቻርጅም እንዲሁ። ስለዚህ የ1,150 ብሩ ትርፍ ሰዓት ከማስጠንቀቂያው ስሌት ይወጣል። በእርግጥ የየካቲት ሥራዋ ዋጋ ስለሆነ ለብቻው ይከፈላታል፤ ግን በሁለት አይባዛም። የ1,800 ብሩ ትራንስፖርትም ይወጣል።

የቀረው የቤት አበሉ ነው። ከዝርዝሩ ውስጥ በስም አልተጠቀሰም። ለእሷ ደግሞ ከተቀጠረችበት ወር ጀምሮ በየወሩ ሳይቋረጥ ተከፍሏታል፤ የቅጥር ደብዳቤዋ ላይም ተጽፏል። ከጉዞ ጋር አይገናኝም፣ ከተጨማሪ ሥራም ጋር አይገናኝም። እኔ በመደበኛነት የሚከፈል ነው ብዬ እከራከርበታለሁ። ድርጅቱ «አበል ነው፣ ደመወዝ አይደለም» ይላል። አበል የሚለው ስም ብቻውን ግን ክፍያውን ከደመወዝ አያወጣውም፤ መታየት ያለበት ክፍያው ለምን እና እንዴት እንደሚሰጥ ነው። እዚህ ላይ የሚረዳው ወረቀት ነው። የቅጥር ደብዳቤውና የጥቂት ወራት የደመወዝ ወረቀት ካለ ክርክሩ ይቆማል። ከሌለ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ ሒሳቡ እንዲህ ሆነ። ማንም ሊክደው የማይችለው ዝቅተኛው ልክ 14,000 በ2 ሲባዛ 28,000 ብር ነው። የቤት አበሉ ከተካተተ 16,500 በ2፣ 33,000 ብር። ድርጅቱ ካሰበው ጋር ያለው ልዩነት በትንሹ 14,000፣ በትልቁ 19,000 ብር ነው። ይህ ሁሉ ግብር ሳይቀነስ ነው። እጅ ላይ የሚገባው ከዚህ ያነሰ ይሆናል፤ ያን አይቶ «ጎደለብኝ» ማለት አይገባም።

ደብዳቤው በዕለቱ ባይሆንና ከፊል ጊዜ ቢሰጥስ? የማስጠንቀቂያ ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው ደብዳቤው በደረሰ ማግስት ካለው የመጀመሪያ የሥራ ቀን ነው። ደብዳቤው ላይ ከተጻፈው ቀን አይደለም። ቅዳሜ የማይሠራበት ድርጅት ነው እንበል። አርብ የካቲት 28 የደረሰ ደብዳቤ ቆጠራው ሰኞ መጋቢት 1 ይጀምራል፣ ሁለት ወሩም ሚያዝያ 30 ያልቃል። አሠሪው «እስከ መጋቢት 30 ሥሪና ውጪ» ቢላት አንዱን ወር በሥራ ሰጣት ማለት ነው፤ ቀሪውን አንድ ወር በገንዘብ ይከፍላል። የኋላ ቀን የተጻፈበት ደብዳቤ የሚያሳስበውም ለዚህ ነው። «የካቲት 1» ተብሎ ተጽፎ የካቲት 28 እጅ ላይ የደረሰ ደብዳቤ አንድ ወር ሊበላ ይችላል። ስትቀበሉ ከፊርማችሁ አጠገብ የተቀበላችሁበትን ቀን በገዛ እጃችሁ ጻፉ። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትንም ቀን መያዝ አለበት። አልቀበልም ብሎ መሸሽም አያዋጣም። ሠራተኛው ካልተገኘ ወይም እምቢ ካለ በሥራ ቦታው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለ10 ተከታታይ ቀን ይለጠፋል፤ እንደደረሰውም ይቆጠራል።

ሌላም አይነት አለ። «ሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥተንሃል፣ ግን ቤትህ ተቀመጥ» የሚል አሠሪ። ይህ በዕለቱ ማሰናበት አይደለም። ውሉ እስከ መጨረሻው ቀን በሕይወት አለ፣ ደመወዙም በየወሩ ይከፈላል። አገልግሎቱም እስከዚያ ቀን ይቆጠራል።

አሁን ብዙ አሠሪዎችም ብዙ ሠራተኞችም የሚስቱት ነጥብ ላይ ደረስን። ገንዘቡ የሚተካው ማስጠንቀቂያውን ነው። ምክንያቱን አይተካም። አንቀጽ 44 የሚለው አሠሪው የማሰናበቻ ሕጋዊ ምክንያት ኖሮት የጎደለው የማስጠንቀቂያው ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ ውጤቱ የዚያን ጊዜ ደመወዝ መክፈል ነው፤ ስንብቱ ግን ይጸናል። የጎረቤቴ መደብ በእርግጥ ተሰርዞ ወደ ሌላ መደብ ማዛወር ካልተቻለ ጉዳዩ በ28,000 ወይም በ33,000 ብር ያበቃል። መደቡ ሳይሰረዝ በሳምንቱ ሌላ ሰው ቢቀመጥበትስ? ያኔ ነገሩ የማስጠንቀቂያ ጉድለት ሳይሆን ሕገ ወጥ ስንብት ነው። ወደ ሥራ መመለስን መጠየቅ ትችላለች። ካልተመለሰች ደግሞ አማካይ የቀን ደመወዟ በ180 ተባዝቶ ካሳ ይሆናል፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜው ደመወዝም በላዩ ይጨመራል። መሠረታዊ ደመወዟን በ30 ብንከፍለው ካሳው 84,000 ብር ነው። ሁለቱን ወር ስንጨምር 112,000። የሥራ ስንብት ክፍያ ደግሞ የራሱ ስሌት አለው። እንግዲህ «ሁለት ወር ከፍዬ ማንንም ባስወጣ ማን ይጠይቀኛል» የሚለው ስሌት የት እንደሚያደርስ እዩት።

ተቃራኒውም አለ። አንቀጽ 27 ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብቱ ጥፋቶችን ይዘረዝራል። የማታለል ተግባር፣ ሥራ ቦታ ላይ አምባጓሮ፣ በጽሑፍ እየተነገረው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ማርፈድ ወይም አምስት የሥራ ቀን መቅረት ከእነዚህ መካከል ናቸው። እንዲህ ያለ ጥፋት ከተረጋገጠ የማስጠንቀቂያው ክፍያ ዜሮ ነው። ለአሠሪው ግን ሰዓት እየቆጠረበት ነው፤ ጥፋቱን ባወቀ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ካላሰናበተ መብቱ ያልፍበታል። የጎረቤቴ ድርጅት በኋላ ላይ የማርፈዱን ጉዳይ አንስቶ ነበር። ሁለት ጊዜ ስምንት አይሆንም፣ የአምናው ጥፋትም ዘንድሮ አይነሳም። ከሁሉ በላይ ደብዳቤው ራሱ ምክንያቱን «መደብ መሰረዝ» ብሏል። ደብዳቤ ላይ የሌለ ምክንያት ኋላ ሲመጣ ብዙም አያስኬድም።

ውሉ ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ ከሆነ የማስጠንቀቂያው ርዝመት በውሉ ላይ የተስማማችሁት ነው። የፕሮጀክት ሠራተኞች መጀመሪያ ውላችሁን ገልጣችሁ እዩ።

ስንብቱን ተከትሎ የሚመጣ አንድ ወጥመድ አለ። «ስም እንዳይበላሽብሽ በራስሽ ፈቃድ እንደለቀቅሽ አድርገሽ ጻፊ» ይባላል። ደግነት ይመስላል። የመልቀቂያ ደብዳቤ ከጻፉ በኋላ ግን አሠሪው አላሰናበተም፤ ስለዚህ የማስጠንቀቂያ ክፍያ የሚባል ነገር የለም። እንዲያውም 30 ቀን ሳይሰጡ የለቀቁ እርስዎ ስለሆኑ እስከ 30 ቀን የሚደርስ ደመወዝ ከቀሪ ክፍያዎ ሊቆረጥ ይችላል። ጎረቤቴም ይህ ሐሳብ ቀርቦላት ነበር። ለሚቀጥለው ቀጣሪ የምታሳየው የሥራ ልምድ ማስረጃ ግን መልቀቂያ ጻፈችም አልጻፈችም የሚገባት ነው።

የክፍያው ጊዜ ከውሉ መቋረጥ በኋላ 7 የሥራ ቀን ነው። የእሷ፣ ቅዳሜ የሥራ ቀን ከሆነ፣ መጋቢት 6 ያልቃል። በእጇ ያለ ላፕቶፕ ወይም መታወቂያ ሳትመልስ ካዘገየች አሠሪውም ሊያዘገይ ይችላል፤ ስለዚህ ንብረት በፊርማ መልሱ። በመጠኑ ካልተስማሙ ያልተካደው ይከፈላል፣ በቀሪው ይከራከራሉ። አሠሪው ያለ በቂ ምክንያት ካዘገየ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ተጨማሪ እንዲከፍል ሊታዘዝ ይችላል። መጠየቂያው ጊዜ ግን አጭር ነው። ከስንብት የሚመነጭ ክፍያ በስድስት ወር፣ ወደ ሥራ መመለስ በሦስት ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል። «እንደራደር፣ ታገሺ» እየተባለ ስድስት ወሩ ያለፈባቸውን አውቃለሁ። ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክስ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም፤ ስለዚህ የችሎት ወጪ ፈርቶ መዘግየት አያስፈልግም።

ጎረቤቴ ክስ አልደረሰችም። አንድ ገጽ ደብዳቤ አብረን ጻፍን። የተቀጠረችበት ቀን፣ የተሰናበተችበት ቀን፣ አንቀጽ 35፣ 16,500 በ2፣ ከታች 33,000። ሌላ ምንም አልጨመርንም። በአምስተኛው ቀን የሒሳብ ክፍሉ ጠርቶ 28,000 አዘጋጅቶ ጠበቃት። ከቼኩ ጋር የቀረበላት ወረቀት ግን «ከድርጅቱ የምጠይቀው ምንም ነገር የለም» ይላል። ሠራተኛ በሕግ የተሰጠውን መብት በስምምነት ቢተው ዋጋ እንደሌለው አዋጁ ይናገራል፤ ቢሆንም ፈርሞ ከመከራከር ሳይፈርሙ መከራከር ይቀላል። ያቺን መስመር ሰረዘችና ከሥሯ በእጇ ጻፈች፦ «28,000 ብር የተቀበልኩት መሠረታዊ ደመወዝ ብቻ ታስቦ ነው፤ የሁለት ወር የቤት አበል 5,000 ብር ይቀረኛል።» የሒሳብ ሹሙ አነበበው፣ ስልክ ደወለ፣ ትንሽ ቆይቶም ቼኩን ሰጣት። አምስት ሺሁ ድርጅቱ ለሠራተኞቹ የግንቦትን ደመወዝ ሲከፍል ገባላት።